11 ካርቶን ወይስ 12?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ወለል ሲያሠራ ማየት የለመደ ነው። ቤቶቹ ለባለዕጣዎች የተላለፉት ወለላቸው ሲሚንቶ እንደሆነ ስለነበር፣ ሴራሚኩን መርጦ፣ ገዝቶና አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ደረጃ አሸክሞ የሚያስነጥፈው ባለቤቱ ራሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ስንት ካርቶን? የሚከተለው ምልልስ በዚሁ ጥያቄ ላይ የተደረገ ነው። አንዷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ሰፈሩ «እትዬ» ይላቸዋል። ሌላው ሴራሚክ በማንጠፍ የሚተዳደር ባለሙያ ነው። የሚነጋገሩት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባዶ ሳሎን መሀል ቆመው ነው።

እትዬ፦ ክፍሉን እኔው ለክቼዋለሁ። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ10፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ35። ሲባዛ 13 ካሬ ከ74 ገደማ ይመጣል። አንዱ ሴራሚክ 60 በ60 ነው፤ 0.36 ካሬ ማለት ነው። ለዚያ ሳካፍለው 38 ከትንሽ፤ 39 በለው። ለስብራት አስር በመቶ ስጨምርበት 43። ካርቶኑ አራት አራት ይይዛል፤ 11 ካርቶን እገዛለሁ፣ እንዲያውም አንድ ይተርፈኛል።

ባለሙያው፦ ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው እትዬ። ግን በ11 ካርቶን ከጀመርን ሥራው ሊያልቅ ሲል አንቆ ይይዘናል። ሱቁ በካሬ ነው የሚሸጥልዎ፤ እኔ ደግሞ የማነጥፈው በፍሬ ነው። ካሬ ሲያካፍሉ ቁርጥራጩ ሁሉ ተመልሶ ተገጣጥሞ ሙሉ ሴራሚክ እንደሚሆን አድርገው ነው ያሰሉት። ቁርጥራጭ ደግሞ ሁልጊዜ ቦታ አያገኝም።

እትዬ፦ አስር በመቶ የጨመርኩት ለምን ሆነና? ለዚያው አይደለም?

ባለሙያው፦ እሱን በመጨረሻ እናየዋለን፤ ለምን እንደዋለ ራስዎ ይፈርዳሉ። መጀመሪያ ሜትሩን ይስጡኝ። ወርዱን የለኩት የት ጋ ነው?

እትዬ፦ በመስኮቱ በኩል።

ባለሙያው፦ እዚያ 3 ከ35 ነው፤ ልክ ነዎት። መሀል ላይ ልያዘው... ግማሽ ሳንቲም ጨመረ። በር በኩል ደግሞ 3 ከ36። አንድ ሳንቲም ከፍቷል ማለት ነው። ርዝመቱ በሁለቱም በኩል 4 ከ10 ነው፣ ጥሩ ነው። አሁን አግድም ከጥግ ጥግ እንሳበው፤ ይህን ጥግ ይያዙልኝ። ሁለቱ አግድሞች እኩል ከመጡ ክፍሉ ጥጉን ጠብቋል፤ ከተለያዩ ደግሞ ተንጋዷል ማለት ነው።

እትዬ፦ ይህንንስ አስተምሬዋለሁ። ልዩነቱ ስንት ሆነ?

ባለሙያው፦ አንድ ሳንቲም አይሞላም። ይህ ደህና ክፍል ነው። ሦስትና አራት ሳንቲም የሚሄድ ግድግዳ ያለበት ቤት አንጥፌ አውቃለሁ፤ እዚያ ስፋቱ እየጠበበ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው እየተለካ ነው የሚቆረጠው። ስንቆጥር ግን ሁልጊዜ ትልቁን ልክ ነው የምንይዘው። በትንሹ የቆጠረ ሰው በሰፊው በኩል ያጥረዋል።

እትዬ፦ በል ቁጠር።

ባለሙያው፦ ደብተሩን ያምጡት፣ ባለ ካሬው ወረቀት ይሻላል። ሴራሚኩ 60 ነው፤ በአንዱና በአንዱ መካከል ሁለት ሚሊ ክፍተት እተዋለሁ፤ ስለዚህ አንዱ ፍሬ የሚይዘው ቦታ 60.2 ሳንቲም ነው። ግድግዳው ጋም ግማሽ ግማሽ ሳንቲም ይተዋል፤ ወለል ሲሞቅ ትንሽ ስለሚለጠጥ ግድግዳ ገፍቶ ብድግ እንዳይል ነው። ያንን ክፍተት ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከ410 አንድ ሳንቲም ቀንሰው 409ን ለ60.2 ያካፍሉልኝ።

እትዬ፦ ስድስት ጊዜ ይደርሳል፣ 361.2። 47.8 ሳንቲም ይቀራል።

ባለሙያው፦ ስድስት ሙሉና አንድ 47.8 የሆነ ቁራጭ። በቁመት ሰባት ቦታ ማለት ነው። ወርዱስ? ከ335 አንድ ሲቀነስ 334።

እትዬ፦ አምስት ጊዜ፣ 301። 33 ይቀራል። በበሩ በኩል ደግሞ 34።

ባለሙያው፦ አምስት ሙሉና አንድ ቁራጭ፤ ስድስት ቦታ። ሰባት በስድስት 42 ቦታ ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ 30ዎቹ ሙሉ ናቸው። 5ቱ በመስኮት በኩል 47.8 ሆነው ይቆረጣሉ፤ 6ቱ በሶፋው ግድግዳ በኩል 33 ሆነው ይቆረጣሉ፤ አንዱ ጥግ ላይ በሁለቱም በኩል ይቆረጣል። ጥያቄው እነዚህ 12 ቁራጮች ስንት ሴራሚክ ይበላሉ የሚለው ነው።

እትዬ፦ ከአንዱ ሴራሚክ ሁለት ቁራጭ አታወጣም?

ባለሙያው፦ ከግማሽ በታች ቢሆን ኖሮ አወጣ ነበር። 60 ሲከፈል 30 ነው፤ ዲስኩ ራሱ ሁለት ሦስት ሚሊ ይበላል፤ ስለዚህ ወሰኑ 29.8 አካባቢ ነው። ቁራጩ ከዚያ ካነሰ ሁለት ይወጣል፣ ከ20 በታች ከሆነ ሦስት። የእርስዎ ቁራጮች 33 እና 47.8 ናቸው። ከ33ቱ 26 ምናምን ይተርፋል፤ ለሌላ 33 አይበቃም። ከ47.8ቱ 12 ይተርፋል፤ እሱም ወለል ላይ ቦታ የለውም። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ሙሉ ሴራሚክ ይበላል።

እትዬ፦ እንግዲያው 42 ሙሉ ሴራሚክ ያስፈልጋል። እኔ 39 ነው ያልኩት።

ባለሙያው፦ አስር በመቶ ጨምረው 43 አሉ። ከዚያ ውስጥ 42ቱን ወለሉ በልቶታል፣ አንድም ሳይሰበር። ለስብራት ብለው የያዙት አበል ለቁርጥራጭ ሄደ ማለት ነው፤ ለስብራት የቀረዎት አንድ ነው።

እትዬ፦ እንደዚያ ነው እንዴ? እሺ፣ ያ ኮለንስ? መስኮቱ ጥግ ላይ 20 በ15 ወጥቶ የቆመው። እሱ ቦታ ስለሚይዝ ትንሽ አይቀንስልንም?

ባለሙያው፦ ካሬው ይቀንሳል፣ ፍሬው አይቀንስም። እዚያ ጋ የሚገባው ሴራሚክ ከጥጉ ተቦርቡሮ ኤል ቅርጽ ይይዛል እንጂ አይቀርም። እንዲያውም ኮለን ወጪ ነው የሚያመጣው። በቀጥታ የሚቆረጥ ሴራሚክ ብዙም አይሰበርም፤ ኤል ሆኖ የሚቆረጠው ግን ከውስጠኛው ጥግ ተነስቶ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ጥጉ ላይ መጀመሪያ በድሪል ቀዳዳ አድርጌ፣ ከሁለቱም በኩል እየቆረጥኩ እዚያው ቀዳዳ ላይ የማገናኘው። ሁለቱን መስመሮች ከጥጉ አሳልፎ የቆረጠ ሠራተኛ ካዩ፣ ሴራሚኩ ዛሬ ባይሰነጠቅ ነገ ሰው ሲረግጠው ይሰነጠቃል።

እትዬ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጎረቤቴ ቤት ሠራተኛው ከመሀል ነው የጀመረላት፤ በአራቱም በኩል እኩል እኩል ቁራጭ አድርጎ። ያምራል። የእኔም እንደዚያ ቢሆንስ?

ባለሙያው፦ ይቻላል፤ እስቲ እናስላው። በወርዱ መሀል ላይ አራት ሙሉ አድርገን በግራና በቀኝ 46.5 የሆነ ቁራጭ ይመጣል። በቁመቱ አምስት ሙሉ ሆኖ ዳርና ዳር 53.9 ይመጣል። ቦታው ያው ሰባት በስድስት ነው፤ ፍሬው አይጨምርም፣ 42 ነው።

እትዬ፦ ታዲያ ምን ጠፋ?

ባለሙያው፦ የሚቆረጠው ጨመረ። በፊት 12 ነበር የምቆርጠው፤ አሁን ሙሉ ሆኖ የሚገባው 20 ብቻ ስለሆነ 22 እቆርጣለሁ ማለት ነው። ቁርጥ በጨመረ ቁጥር የመሰበሩ ዕድል ይጨምራል፣ የእኔም ሰዓት ይጨምራል። ደግሞ የእርስዎ ሳሎን በሩ ጥግ ላይ ነው ያለው። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እግሩ ሥር ያለውን ነው፤ እዚያ ሙሉ ሴራሚክ ይቀመጥ፤ ቁራጩ ሶፋ ሥርና መጋረጃ ሥር ይግባ። ከመሀል መጀመር የሚያስፈልገው በዳር የሚቀረው ቁራጭ አራትና አምስት ሳንቲም ሲሆን ነው። እንዲያ ያለ ቀጭን ክር ሲቆረጥም ይሰበራል፣ ሲነጠፍም ያስጠላል። የእርስዎ ግን 33 ነው፣ ምንም አይለውም።

እትዬ፦ ይሁን፣ ከበሩ ጀምር። ዞኮሎውንስ ለብቻው ልግዛ?

ባለሙያው፦ አይግዙ፣ ከቁርጥራጩ እንሥራው። ጥቅም የሌለው ይመስልዎ የነበረው ትርፍ እዚህ ነው ሥራ የሚያገኘው። የክፍሉ ዙሪያ 14 ሜትር ከ90 ነው፤ የበሩን 80 ሳንቲም ስንቀንስ 14 ከ10 ይቀራል። ኮለኑ ጥግ ላይ ስለሆነ ዙሪያውን አይለውጠውም፤ ይህን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

እትዬ፦ አዎ፣ የወጣው ገብቶ ይካካሳል። ቁመቱን ስንት ታደርገዋለህ?

ባለሙያው፦ ስምንት ሳንቲም። ከሶፋው በኩል የሚተርፉት ሰባት ናቸው፤ ስድስቱና የጥጉ። እያንዳንዳቸው 60 በ26 አካባቢ። ከእነሱ ሁለቱን ለበሩ ደፍ ልውሰድ፤ ደፉ 80 በ15 ስለሆነ ከእያንዳንዳቸው 40 በ15 አወጣለሁ። ከቀሩት አምስቱ ሦስት ሦስት ዞኮሎ ይወጣል፤ 15። ደፉን ከቆረጥኩባቸው ከሁለቱ ደግሞ አንድ አንድ ይተርፋል፤ 17። ከመስኮቱ በኩል የተረፉት አምስት ባለ 12 ሳንቲሞችም አንድ አንድ ይሰጡኛል፤ 22። እያንዳንዱ 60 ሳንቲም ነው።

እትዬ፦ 13 ሜትር ከ20። 90 ሳንቲም አጠረህ።

ባለሙያው፦ ለእሱ አንድ ሴራሚክ ልጨምር። ከአንድ ሙሉ ሰባት ዞኮሎ ይወጣል፣ ከበቂ በላይ ነው። 43 ደረስን። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ከፋብሪካ የመጣው የለሰለሰ ጠርዝ ያለው ከየቁራጩ አንዱ ላይ ብቻ ነው። ሌሎቹ በዲስክ የተቆረጡ ስለሆኑ በሞረድ ማለስለስ አለብኝ፤ አለዚያ ሲጠርጉ ጨርቁን ይይዛል፣ ልጅም ያቆስላል። ለእሱ ትንሽ ጊዜ ይቆጥሩልኛል።

እትዬ፦ ገባኝ፣ በዚያ በኩልም ዋጋ አለው ማለትህ ነው። እሺ፣ አሁን ወደ ስብራቱ ና።

ባለሙያው፦ ስብራትን በሦስት ቦታ ነው የማየው። አንደኛው ከሱቅ እስከዚህ ያለው ነው። አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ ጫኝና አውራጅ ያወርደዋል፣ ከዚያ አራት ፎቅ በትከሻ ይወጣል። አንዱ ካርቶን ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ማንም ሰው ካርቶኑን ጥጉ ላይ አሳርፎ ነው የሚተነፍሰው። ጥጉ ደግሞ ደካማው ቦታ ነው። ካርቶኑ ጥግ ላይ ተጨፍልቆ ካዩት እዚያው ይክፈቱት።

እትዬ፦ ሳልከፍተው ማወቅ አልችልም?

ባለሙያው፦ ትንሽ ብድግ አድርገው ሲነቀንቁት ክሽ ክሽ ካለ ተሰብሯል። የፀጉር ስንጥቅ ግን እንዲህ አይታወቅም። አውጥተው በአንድ እጅ አንጠልጥለው በጣትዎ ኳ ያድርጉት፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ነው የሚሰጠው። እኔ ሳላነጥፈው በፊት ሁሉንም እንደዚያ አደርጋለሁ።

እትዬ፦ ሁለተኛውስ?

ባለሙያው፦ የእኔው እጅ ነው። 12 ቀጥታ ቁርጥ አለ፣ የኮለኑ ኤል አለ። ከእነዚህ አንድ ወይ ሁለት ሊበላሽ ይችላል። መቁረጫ ላይ የተሰበረ ግን ሙሉ በሙሉ ኪሳራ አይደለም፤ ትልቁ ስባሪ ዞኮሎ ይሆናል። ለዚህ ነው ዞኮሎን በመጨረሻ የምቆርጠው፤ መጀመሪያ ወለሉ ይለቅና የተረፈውን ስባሪ ሁሉ ሰብስቤ እጀምራለሁ። ዞኮሎውን አስቀድሞ ከሙሉ ሴራሚክ ላይ የሚቆርጥ ሠራተኛ የእርስዎን ገንዘብ ነው የሚቆርጠው።

እትዬ፦ ለመንገዱና ለእጅህ በጠቅላላ ስንት ልያዝ?

ባለሙያው፦ ለዚህ ክፍል ሦስት። 46 ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ ወደፊት የሚሰበረው ነው። ቡታጋዝ ይወድቅበታል፣ ወይ የውሃ ባለሙያ ቧንቧ ፍለጋ ይቆፍረዋል። ያን ጊዜ አንድ ሴራሚክ ፍለጋ ሱቅ ቢዞሩ ያንኑ አያገኙትም፤ ሞዴሉ ይቀየራል። ሁለት አልጋ ሥር ያስቀምጡ። 48 ሆነ።

እትዬ፦ ለአራት ሲካፈል ድፍን 12 ካርቶን። የእኔ 11 ነበር። ልዩነቱ አንድ ካርቶን ከሆነ ምን ያህል ያስደነግጣል? ሲያጥር አንዱን ሄጄ እገዛዋለሁ።

ባለሙያው፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ካርቶኑ ላይ ከሞዴሉ ስም ሌላ ሁለት ቁጥር ታትሞ ያገኛሉ። አንዱ የቀለሙ ቁጥር ነው፣ ቶን ይሉታል፤ አንዱ የመጠኑ ነው፣ ካሊበር ይሉታል። ፋብሪካው በተለያየ ጊዜ ሲያቃጥለው ቀለሙ በጥቂቱ፣ መጠኑም በሚሊ ይለያያል። ሱቅ ውስጥ ለየብቻ ቢያዩአቸው አንድ ናቸው ይላሉ። ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ በተለይ ከመስኮቱ ብርሃን ሲወድቅባቸው፣ መስመሩ ይታያል። ካሊበሩ ከተለየ ደግሞ ክፍተቱ አንድ ቦታ ይጠባል፣ አንድ ቦታ ይሰፋል፤ በእኔ እጅ የሚስተካከል አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ሱቁ ያንኑ ቁጥር ጨርሶት ሌላ አስገብቶ ይሆናል።

እትዬ፦ ስለዚህ ማጠሩ የአንድ ካርቶን ዋጋ አይደለም፤ የወለሉ መልክ ነው። ገባኝ። ግን እንግዲያው ሰው ለምን 15 በመቶ ወይ 20 በመቶ ብሎ ጨምሮ አይገላገልም? ለሁሉም ቤት ይበቃል።

ባለሙያው፦ ወደ መኝታ ቤቱ ይምጡ፣ ላሳይዎት። እዚህ ልኩ 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ70 ነው። ሁሉንም ጥግ ለክቼዋለሁ፣ ቀጥ ያለ ነው። በካሬው መንገድ ያስሉት።

እትዬ፦ 8.1 ካሬ፤ ለ0.36 ሲካፈል 22.5፤ 23 ፍሬ።

ባለሙያው፦ በቦታ እንቁጠረው። በሦስት ሜትሩ አራት ሙሉና 58.2 የሆነ ቁራጭ፤ አምስት ቦታ። በ2 ከ70ው አራት ሙሉና 28.2፤ አምስት ቦታ። 25 ቦታ ሆነ። ግን ይህ 28.2 ከግማሽ በታች ነው፤ ከአንዱ ሴራሚክ ሁለት ይወጣል። የመጨረሻው መስመር አምስት ቁራጭ የሚፈልገው ሦስት ሴራሚክ ብቻ ነው። 20 እና 3፤ 23።

እትዬ፦ ከካሬው ጋር ገጠመ! ሳሎኑ ሦስት ሲያስጨምረን ይህ ምንም አላስጨመረም።

ባለሙያው፦ ያው ሴራሚክ ነው፣ ያው ቤት ነው፣ ያው ሠራተኛ ነው። ልዩነቱ ግድግዳው ጋ የሚቀረው ቁራጭ ከ30 በላይና በታች መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በመቶኛው ሳሎኑን ያሳጥርብዎታል፣ መኝታ ቤቱን ያስተርፍብዎታል። 20 በመቶ ብለው ቢጨምሩ ደግሞ የማያስፈልግዎትን ይገዛሉ፤ ለተሸካሚውም ይከፍላሉ። ሴራሚኩን በአግድም፣ ጥግ ለጥግ አድርገህ አንጥፍ ቢሉኝ ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ዳሩ ሁሉ ሦስት ማዕዘን ይቆረጣል፣ እኔም 15 በመቶ ያህል እጠይቅዎታለሁ።

እትዬ፦ አላልኩህም፣ ቀጥ አድርገህ አንጥፈው። የመኝታ ቤቱ ዞኮሎስ? እዚህ ቁርጥራጭ አልተረፈም።

ባለሙያው፦ ልክ ነዎት፣ እዚህ ያተረፍነው በዞኮሎ ይወጣል። ዙሪያው በሩ ሲቀነስ 10 ከ60 ነው። ከመጨረሻው መስመር አንድ ግማሽ ሴራሚክ ይተርፋል፣ ሦስት ዞኮሎ ይሰጠኛል፤ ለቀረው ሦስት ሴራሚክ ያስፈልጋል። 26። ለስብራት ሁለት፤ 28። ሰባት ካርቶን። መለዋወጫ እዚህ አልጨመርኩም፤ ያው ዓይነት ሴራሚክ ስለሆነ ሳሎን ላይ የያዝነው ሁለቱ ለሁለቱም ቤት ያገለግላል።

እትዬ፦ 12 እና 7፤ 19 ካርቶን። ወደ 570 ኪሎ ነው፣ አራት ፎቅ። ተሸካሚዎቹ ይራገሙኛል።

ባለሙያው፦ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አያስከምሩት እንጂ ይወጣል፤ በሁለቱ ክፍሎች በግድግዳ ጥግ ጥግ ከፋፍለው ያስደርድሩት፣ ካርቶኑም በጠርዙ ይቁም እንጂ አይጋደም። ሲነጠፍ ደግሞ ከአንዱ ካርቶን ብቻ አልጨርስም፤ ከሦስት አራቱ እያቀላቀልኩ አወጣለሁ፤ ትንሽ የቀለም ልዩነት ቢኖር እንኳ ተበትኖ አይታይም።

እትዬ፦ አንድ ካርቶን ሳይከፈት ከተረፈስ?

ባለሙያው፦ ከመክፈልዎ በፊት ባለሱቁን ያልተከፈተ ካርቶን ትመልሳለህ ወይ ብለው ይጠይቁት፤ እሺ ካለም ደረሰኙ ላይ ያስጽፉት። አሥራ ዘጠኙም ካርቶን ላይ ያለውን የቶንና የካሊበር ቁጥር አንድ በአንድ ያንብቡ፤ አንዱ ከተለየ አይጫን። መኪናው ከተነሳ በኋላ ማንም አይመልስልዎትም።